ጥርሱ ያላለቀው የፊት ጎማ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ የአንድ ሞተር የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። በጥቅምት 2018 አንድ ደንበኛዬ ይዞት የመጣውን ሞተር ጉዳይ ልጽፈው የወሰንኩት፣ ብዙዎቻችን ጎማ ላይ የምንሠራውን አንድ ስህተት ከነምክንያቱና ከነውጤቱ በአንድ ሞተር ላይ ስላገኘሁት ነው። ስህተቱ የፊቱን ጎማ በኋላው ጎማ መመዘን ነው። የኋላ ጎማ ሲያልቅ መሃሉ ይላጣል፤ ማንም ያየዋል። የፊቱ ግን ጥርሱ እንደቆመ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱም ጥርሱን አይቶ ደህና ነው ብሎ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርድበታል።

የባለቤቱንም ሆነ የሻጮቹን ማንነት አልጠቅስም።

## ዳራ

ባለቤቱ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወጣት ነው። ሥራው ከኮምቦልቻ ደሴ የመኪና መለዋወጫና የሱቅ ዕቃ ማድረስ ነው። ጠዋት ጭኖ ይወጣል፣ ደሴ ላይ ለየሱቁ ያዳርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይመለሳል። ከተማ ውስጥ የሚዞረውን ጨምሮ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል።

መንገዱን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አብዛኛው ዳገት ሐረጎ ላይ በጠመዝማዛ ያልቃል። ስለዚህ ይህ ሞተር ቀኑን የሚያሳልፈው በሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነው። ሲወጣ ጭነቱ በሙሉ ኋላ ላይ ነው፤ የኋላው ጎማ ተሸካሚም ገፊም ይሆናል። ሲወርድ ኋላው ባዶ ነው፤ ክብደቱ ወደፊት ያጋድላል፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የፊቱ ጎማ ይጨነቃል፣ በየጠመዝማዛው ደግሞ መታጠፍም አለበት። የሁለቱ ጎማዎች አበላል የሚለያየው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሞተሩ በእኛ አካባቢ በብዛት ከሚታዩት ትናንሽ የጭነትና የትራንስፖርት ሞተሮች አንዱ ነው። ቸርኬው ባለ ሽቦ፣ ጎማው ባለ ካላማዳሪ ነው። የፊቱ ጎማ መጠን 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17 ነው። የሞተሩ መመሪያ ለፊት 25 ፒኤስአይ፣ ለኋላ ነጂው ብቻውን ሲሆን 28፣ ሰው ሲያፈናጥጥ ወይም ሲጭን 32 ፒኤስአይ ይላል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ጎማው በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ይህችን ትርፍ የምትመስል ማስታወሻ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

## ችግሩ

ልጁ ሦስት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ የኋላ ጎማ አይበረክትለትም። የመጨረሻውን ከገዛ አራት ወር አልሞላውም፤ መሃሉ ግን አልቋል። ሁለተኛ፣ ሐረጎን ሲወርድ ፍጥነቱ 40 እና 50 መካከል ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው እሱ ራሱ በደንብ መግለጽ ያልቻለው ነው። «ሳጋድለው መጀመሪያ እምቢ ይለኛል፣ ከዚያ በአንዴ ይወድቅብኛል» አለኝ።

የመጣው የኋላ ጎማ ሊያስቀይር ነበር። ገንዘቡም የያዘው ለአንድ ጎማ ብቻ ነው። የፊቱንስ አይተኸዋል ስለው፣ «ወላሂ ጋሼ፣ የፊቱ ገና ነው፤ ጥርሱ አለ እኮ፣ ይኸው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ጥርስ ነበረው።

ሞተሩን እንዲያሳድርልኝ ጠየቅኩት። ንፋሱን ቀዝቅዞ ለመለካት ሌላ መንገድ የለም።

## ምርመራ አንድ፦ ንፋስ

በማግስቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ ለካሁት። የፊቱ 17፣ የኋላው 24 ፒኤስአይ ነበር። መሆን የነበረበት 25 እና 32 ነው።

ልጁ አላመነኝም። ከትናንት በስቲያ ደሴ ላይ የኋላውን 30 አስሞልቶ ነበር። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት መለኪያዬን ነው። ጎረቤት ካሉት ሁለት ጎሚስታዎች መለኪያቸውን ተውሼ ያንኑ ጎማ በሦስቱም ለካሁት፤ የሦስቱ ልዩነት ከ1 ፒኤስአይ አልበለጠም። ስለዚህ መለኪያዬ ደህና ነው፤ ጉድለቱ እውነት ነው።

ታዲያ 30 የተሞላው እንዴት በሁለት ቀን 24 ሆነ? በሳምንቱ ደሴ ስወጣ መለኪያዬን ይዤ ሄድኩና እሱ የሚያስሞላበት ኮምፕሬሰር ላይ የራሴን ጎማ አስሞላሁ። የኮምፕሬሰሩ መለኪያ ከእኔ 3 ፒኤስአይ ያህል አብልጦ ያነባል። ቀሪውን 3 ያመጣው ሙቀት ነው። ልጁ የሚያስሞላው ሁልጊዜ ደሴ እንደደረሰ፣ ዳገቱን ጭኖ ከወጣ በኋላ ነበር። ጭነት ተሸክሞ 25 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ጎማ ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየርም ግፊቱ ይጨምራል። በዚህ ሞተር ላይ በኋላ ደጋግሜ እንደለካሁት ጭማሪው ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ ነው። በጋለ ጎማ ላይ 30 ያለው መለኪያ፣ ጎማው ሲበርድ 27 ይላል። ከዚያ ላይ የመለኪያውን ስህተት ሲቀንሱ 24 ላይ ይደረሳል።

የፊቱ ታሪክ አጭር ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል አልተለካም። ልጁ በአውራ ጣቱ ይጫነውና ጠንካራ ከሆነ ይተወዋል። ትንሽና ጠባብ ጎማ 17 ፒኤስአይ ላይም ለጣት ጠንካራ ነው። 25 ያለውንና 17 ያለውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ደጋግሜ አስሞክሬዋለሁ፤ መለየት አልቻለም፣ እኔም በጣት ብቻ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። የካላማዳሪ ጎማ ደግሞ ምንም ሳይበሳ ቀስ እያለ ንፋስ ያጣል። በዚህ ሞተር ላይ በኋላ የመዘገብኩት በሳምንት 2 ፒኤስአይ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ላንሳ። «ኮምቦልቻ የተሞላ ጎማ ደሴ ሲወጣ ንፋሱ ይለወጣል?» ይለወጣል፣ ግን የሚያሳስብ አይደለም። መለኪያው የሚያነበው በውስጡ አየርና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከፍ ሲሉ የውጪው አየር ይሳሳል፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ባለው የከፍታ ልዩነት መለኪያው 1 ፒኤስአይ ለማይሞላ ያህል ጨምሮ ያነባል። በሌላ በኩል ደሴ ትቀዘቅዛለች፤ ጥቂት ዲግሪ በወረደ ቁጥር የውስጡ ግፊት ግማሽ ፒኤስአይ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ብሎ ይቀንሳል። ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ልጁን የጎዳው ከፍታው ሳይሆን የሚለካበት ሰዓት ነው።

የኋላውን ንፋስ ስለካ አንድ ሌላ ነገር አየሁ። የካላማዳሪው ቫልቭ ከቸርኬው ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ዳገት ላይ በጭነት ሲገፋ ቸርኬው ላይ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ካላማዳሪውን ይዞት ይሄዳል፣ ቫልቩ ግን ቀዳዳው ውስጥ ስለሆነ ይቀራል። መንሸራተቱ ከቀጠለ ቫልቩ ከሥሩ ይቀደዳል። ያ ደግሞ እንደ ሚስማር ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ነው የሚፈሰው። ቫልቩ ላይ ያለችውን ብሎን ቸርኬው ላይ አጥብቆ ማሰር የለመደ ሰው ይህን ምልክት አያየውም፤ እኔ ከክዳኑ ሥር ላላ አድርጌ የምተዋት ለዚህ ነው።

## ምርመራ ሁለት፦ ጥርስ

የጥርስ ጥልቀት የምለካው በክብሪት እንጨት ነው። ጫፉን በምላጭ ቀጥ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፣ ጥርሱ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ አቆመዋለሁ፣ ከጎማው ጫፍ እኩል በጥፍሬ ምልክት አደርጋለሁ፣ ከዚያ በማስመሪያ አነባለሁ። አንድ ቦታ ለክቶ መተው ግን ምንም አይናገርም። መሃሉን፣ ግራ ትከሻውን፣ ቀኝ ትከሻውን፣ ጎማውን እያዞሩ ቢያንስ በሦስት ቦታ መለካት ያስፈልጋል።

የኋላው ጎማ መሃሉ 1 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱም ትከሻዎቹ 4 ሚሊ ሜትር ነበሩ። ከፊት ለፊት ዝቅ ብዬ ሳየው ክቡ ቅርጹ ጠፍቶ መሃሉ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጥፏል። ብዙ ጎማዎች ጎናቸው ላይ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ወይም ቲ፣ ደብሊው፣ አይ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አላቸው። ከዚያ ምልክት ቀጥታ ወደ ጥርሱ ሲኬድ ቦዩ ውስጥ ከፍ ያለች ጉብታ አለች። ጥርሱ ከጉብታዋ እኩል ሲሆን ጎማው አልቋል ማለት ነው። ጉብታዋ በሞተር ጎማ ላይ በአብዛኛው 0.8 ሚሊ ሜትር ነች። ስለዚህ የኋላው ጎማ ለማለቅ በጣም ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የጭነት ዳገት መሃሉን እንዲህ መብላቱ አያስገርምም፤ ጎማው የሚገፋው በመሃሉ ነው። ንፋስ ማነሱ በተለምዶ ትከሻን ይበላል ይባላል፤ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በጠባብ የሞተር ጎማ ላይ ንፋስ ሲያንስ ጎማው ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ የጋለ ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይፋቃል። መሃሉ አልቋልና ንፋሱ በዝቶ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። ልጁም ይህን ሰምቶ ኖሮ «በዝቶበት ነው መሰለኝ» ብሎ ሁለቴ ያህል ንፋስ ማስቀነሱን ነገረኝ።

የፊቱ ሌላ ነው። መሃሉ 3 ሚሊ ሜትር፤ ለዓይን ደህና ነው። መዳፌን ጥርሱ ላይ አድርጌ ወደ አንዱ አቅጣጫ ስጎትተው ይንሸራተታል። ወደ ሌላው አቅጣጫ ስመልሰው እንደ መጋዝ ይይዘኛል። ትከሻው አካባቢ እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ጠርዙ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሏል። በክብሪቱ ስለካው በአንዱ ጥርስ ላይ ራሱ ከፍተኛው ጠርዝ 3.5፣ ዝቅተኛው 2 ሚሊ ሜትር ነበር። ጎማውን ሳዞረው ከጎን ሲታይ ይህ ከፍና ዝቅ ሞገድ ይሠራል። የፊት ጎማ እንዲህ የሚበላው ሁለት ነገር ስለሚያስተናግድ ነው። በፍሬን ጊዜ መሬት የነካው ጥርስ ይታጠፋል፣ ሲለቅ ይፋቃል፤ በመታጠፍ ጊዜ ይህ ሁሉ ትከሻው ላይ ይሆናል። ንፋሱ ሲያንስ ጥርሱ ይበልጥ ይታጠፋል። ስለዚህ የፊት ጎማ ብዙ ጊዜ በጥልቀት አያልቅም፤ ቅርጹን ያጣል። ጥልቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም አያገኝበትም።

መንቀጥቀጡ ከዚህ ሞገድ ሊመጣ እንደሚችል ገመትኩ። ግን ሌላም ምክንያት አለ። የመሪው አንገት ኩሽኔታ ሲላላ ወይም የፊት ሞላዎች ሲደክሙም ጎማው እንዲሁ ይበላል። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቼ ሹካውን ወደፊትና ወደኋላ ስገፋው በጣም ትንሽ ላላ ይላል። ያንን አጠበቅኩ። ሞላዎቹ ዘይት አያፈሱም፣ የጎማው ኩሽኔታም ደህና ነበር።

## ምርመራ ሦስት፦ ጎንና ዕድሜ

ነገሩን የቀየረው ይህ ምርመራ ነው። የጎማን ጎን በቆመበት ማየት አይበቃም። ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሜ ጎማውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞራለሁ፤ መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በመዳፍ። ሁለቱንም ጎን ነው፤ ብዙ ሰው ሞተሩ ወደሚያጋድልበት በኩል ያለውን ጎን አያየውም። የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ እብጠት፣ ቁስልና ስንጥቅ። እብጠት ማለት ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ ትንሽ ነች ተብሎ አይታለፍም። ቁስል ከሆነ ጥልቀቱንና ክር መታየቱን አያለሁ። የኋላው ጎማ ቀኝ ጎኑ ላይ የደሴ ኮብልስቶን ጠርዝ የፋቀው ቦታ ነበረው፤ ላዩን ብቻ ስለነበር ተውኩት።

የፊቱ ላይ እብጠትም ቁስልም አልነበረም። ንፋሱን ትንሽ ቀንሼ ጎኑን በሁለት አውራ ጣቶቼ ወደ ውጪ ሳጎብጠው ግን ከቸርኬው ጠርዝ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያውን ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ተከፈቱ። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ግርጌም ነበሩ። ጥፍሬን ጥርሱ ላይ ስጫነው አልሰመጠም፤ የኋላው ላይ ግን ምልክት ይተዋል። ጎማው ደርቋል።

«ይሄን መቼ ገዛኸው?» አልኩት። «ዓመት አይሞላውም። አዲስ ነው የገዛሁት፤ ሻጩ ራሱ ቀኑን አሳይቶኛል፣ የ2017 ነው» አለኝ።

ቀኑን አብረን ፈለግን። ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ በተከታታዩ መጨረሻ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዞች አሉ። የእሱ 3117 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ፤ 31ኛው ሳምንት፣ 17። ይህ 17 ግን የፈረንጆቹ 2017 ነው። በእኛ ሲቆጠር ጎማው የተመረተው በሐምሌ 2009 መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ ሲገዛው ሰባት ዓመት አልፎት ነበር፣ እኔ ጋ ሲመጣ ስምንት ዓመት አልፎታል። ሻጩ አውቆ ይሁን እሱም እንደ ልጁ ተሳስቶ ለመናገር አልችልም። ስህተቱ ግን ማንም ሊሠራው የሚችል ነው፤ ቁጥሩ ከእኛ ዓመት ጋር ልክ ይገጥማልና።

ጥርሱ ለምን እንዳላለቀም እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። የደረቀ ጎማ ቀስ ብሎ ነው የሚፋቀው፤ መንገዱንም በዚያው ልክ አይዝም። ልጁ የጎማውን ጤንነት ያየበት ምልክት የሕመሙ ምልክት ነበር።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ገንዘብ ሳናወጣ ንፋሱን አስተካከልኩ፤ 25 እና 32። የመሪውንም አንገት እንዳልኩት አጠበቅኩ። ልጁ ባዶውን እስከ ሐረጎ መጀመሪያ ነድቶ ተመለሰ። መሪው እንደቀለለው ነገረኝ። መንቀጥቀጡ ግን አልጠፋም። ንፋስ ወደፊት የሚሆነውን ያስተካክላል፤ አንዴ በሞገድ የተበላን ጥርስ አይመልስም።

ቀጥሎ የገንዘቡ ጉዳይ መጣ። አንድ ጎማ ብቻ፤ የትኛው? ልጁ የኋላውን ፈለገ፣ ተላጦ የሚታየው እሱ ነውና። እኔ የፊቱ ይቅደም አልኩ። የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ወይም ሲያንሸራትት ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ብዙ ጊዜ ግን ነጂው መሪውን ይዞ ያቆመዋል። ቁልቁለት ላይ በጠመዝማዛ መሃል የፊቱ ከከዳ የሚያዝ ነገር የለም። የኋላው ጉብታዋ ላይ አልደረሰም፣ ዝናቡም አልፏል። ተከራከርን፤ በመጨረሻ የኋላውን እስኪቀይር ድረስ ጭነቱን በግማሽ ሊቀንስ ተስማምቶ የፊቱን ገዛ። አሁንም ቢሆን በዚያ ውሳኔ አልጸጸትም። ክረምት ቢሆን ግን ሁለቱንም ሳይቀይር እንዳይወጣ እነግረው ነበር።

የኋላውን 3.00 ትርፍ ጎማ ከጓደኛው ተቀብሎ ፊት ላይ እንድገጥምለትም ጠይቆኝ ነበር። እምቢ አልኩ። መጠኑ የፊቱ ሹካና ቸርኬ የተሠራለት አይደለም፤ ያገለገለ የኋላ ጎማ ደግሞ መሃሉ የተጠፈጠፈ ስለሚሆን ለመታጠፍ የማይመች ቅርጽ ፊት ላይ ማምጣት ነው።

አዲሱ ጎማ ሲገዛ አራቱን አኃዞች ራሱ እንዲያነብ አደረግኩ፤ ሁለት ሱቅ ትቶ ሦስተኛው ላይ ዓመት ያልሞላው አገኘ። ስገጥም የማሽከርከሪያ ቀስቱን አየሁ። በአንዳንድ ጎማዎች ላይ ለፊትና ለኋላ ሁለት የተለያዩ ቀስቶች አሉ፤ ያው ጎማ ፊት ሲገጠም ወደ አንዱ፣ ኋላ ሲገጠም ወደ ሌላው ይዞራል፤ ፊት ላይ ዋናው ጫና ፍሬን፣ ኋላ ላይ ግፊት ስለሆነ ነው። ካላማዳሪውንም ቀየርኩ፤ አሮጌው ሦስት ቦታ ተለጥፎ ነበር።

እዚህ ላይ የእኔ ስህተት አለ። ሞልቼ፣ አስሬ ሰጠሁት፤ ልጁ ወዲያው ተመልሶ «አሁንም ይዘላል» አለኝ። ጎማውን አንስቼ ሳዞረው፣ ከቸርኬው አጠገብ ጎማው ላይ ያለችው ቀጭን መስመር በአንድ ቦታ ቸርኬው ውስጥ ገብታለች። ጠርዙ አልተቀመጠም። ማየት የነበረብኝ ከመስጠቴ በፊት ነው። ንፋሱን ሙሉ በሙሉ አወጣሁ፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ ቀባሁ፣ እንደገና ሞላሁ፤ መስመሯ ዙሪያውን እኩል ስትወጣ ንፋሱን ወደ 25 መለስኩ። መንቀጥቀጡ ጠፋ።

ሁለተኛው ስህተቴ ግምት ነበር። ሦስቱንም ችግር የፊቱ ጎማ ያመጣቸው መስሎኝ ነበር። የፊቱ ከተቀየረ በኋላም «እምቢ ይልና በአንዴ ይወድቃል» የሚለው ቅሬታ አልጠፋም። ያ የኋላው ነው። መሃሉ የተጠፈጠፈ ጎማ ቀጥ ብሎ መቆም ይወዳል፤ ሲያጋድሉት የጠፍጣፋውን ጠርዝ እስኪያልፍ ይታገላል፣ ሲያልፍ ወደ ትከሻው ይወድቃል። በሁለተኛው ሳምንት የኋላው ከነካላማዳሪው ሲቀየር ይህም ጠፋ። መሪ ላይ የሚሰማ ነገር ሁሉ ከፊት አይመጣም።

አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል። ለመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ እንዲያጋድል፣ ፍሬንም ድንገት እንዳይዝ ነገርኩት። ቁልቁለቱንም በማርሽ ይዞ እንዲወርድ፤ ሁሉንም ለፊቱ ፍሬን መተው ያንኑ ሞገድ መልሶ ያመጣል።

## ክትትል

ለስምንት ሳምንት ሰኞ ሰኞ ማለዳ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ እኔ ጋ እየመጣ እንለካ ነበር። በሳምንት 2 ፒኤስአይ ገደማ ከሁለቱም ይጎድላል፤ ሞልተን እንመልሳለን። አንድ ቀን ተከትዬው ደሴ ወጣሁ። ኮምቦልቻ 25 እና 32 የነበረው፣ ደሴ እንደደረስን 28 እና 36 አለ። ልጁ እጁን ቫልቩ ላይ አድርጎ ሊቀንስ ሲል ያዝኩት። ሞተሩ ደሴ አድሮ በማግስቱ ማለዳ እዚያው ተለካ፤ ወደ 25 እና 32 ተመልሷል።

በስምንቱ ሳምንት 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ። የኋላው ከመሃሉ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ተበላ። በዚህ አካሄድ ከቀድሞው 6,000 ኪሎ ሜትር ይልቅ ወደ 9,000 እና 10,000 ሊጠጋ ይችላል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የንፋሱ፣ ስንቱ የጭነቱ እንደሆነ ግን አልለየሁም፤ ጭነቱን ከቀነሰ በኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው አልመለሰውም። የፊቱ ጥልቀት በክብሪት ሊለይ የሚችል ለውጥ አላሳየም። መዳፍ ሲመለስበትም ገና አይዝም።

## ወደ ሌላ ሞተር የሚወሰደው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የምሠራበትን ቅደም ተከተል ቀይሬያለሁ። የኋላውን መጀመሪያ መሃሉን በክብሪት፣ ቀጥሎ ቅርጹን ከኋላ ዝቅ ብዬ አያለሁ። ፊቱ ላይ ግን ክብሪቱን ከማውጣቴ በፊት መዳፌን በሁለት አቅጣጫ አሳልፋለሁ፣ ጎኑን አጎብጣለሁ፣ አራቱን አኃዞች አነባለሁ። ጥልቀቱ የመጨረሻው ነው። ከአምስት ዓመት ያለፈ ጎማ ሲመጣ በየወሩ ጎኑን እንድንፈትሽ እነግራለሁ፤ ስንጥቅ ከተከፈተ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አልገጥመውም።

የንፋሱ ቁጥር ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ የእኔን 25 እና 32 ሌላ ሞተር ላይ አትገልብጡት። የራሱ መመሪያ ወይም ሰንሰለቱ አካባቢ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ነው የሚሠራው። ጎማው ጎን ላይ የሚነበበው ከፍተኛ ግፊት የዕለት ቁጥር አይደለም። የክብደቱ ቁጥርም ብቻውን አይቆምም። ለምሳሌ የዚህ ሞተር የኋላ ጎማ 50 የሚል የጭነት ቁጥር አለው፤ 190 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ይህን የሚሸከመው ግን ንፋሱ ሲሟላ ነው፤ በ24 ፒኤስአይ አይሸከመውም።

የጋለ ጎማ መሙላት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መንገድ ላይ ተበስቶ ሲጠገን ለምሳሌ። ያኔ ከመመሪያው 3 ፒኤስአይ ያህል አብልጦ መሙላትና በማግስቱ ማለዳ በርዶ መለካት ነው። ልጁ አሁን የራሱን መለኪያ ገዝቶ ከመቀመጫው ሥር ያስቀምጣል። አሮጌውን የፊት ጎማ ግን አልሰጠሁትም። ለቀጣዩ ደንበኛ ስንጥቁን ላሳይበት ግድግዳዬ ላይ ሰቅየዋለሁ፤ 3117 የሚለውን በነጭ ቀለም ከብቤዋለሁ።